ሸኚ ደብዳቤ ወይስ አቤቱታ?

«ጋሼ፣ ከመላኬ በፊት አንዴ ይዩልኝ» ብላ ኢሜይሏን በዋትስአፕ የላከችልኝ፣ ሪያድ ውስጥ በአንድ የኩላሊት እጥበት ማዕከል የምትሠራ ነርስ ናት። በከተማዋ ሰሜን ያለ አንድ ሆስፒታል የኩላሊት እጥበት ነርስ እንደሚፈልግ አንብባለች። ሲቪዋን አያይዛለች። አብሮት የሚሄደውን ኢሜይል ደግሞ ሁለት ሌሊት ለፍታበታለች። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ አሳቡ ግን ከአገር ቤት ቢሮ የመጣ ነው። ርዕሱ «ሥራ ስለመጠየቅ» ይላል። ከከበረ ሰላምታ ቀጥሎ የት እንደተማረች፣ ምን ያህል ትጉህና ታታሪ እንደሆነች፣ ቤተሰብ እንደምትረዳ፣ ዕድሉ ቢሰጣት ድርጅቱን በታማኝነት እንደምታገለግል ተዘርዝሯል። መዝጊያው ላይ «የሚሰጠኝን ማንኛውንም ሥራ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ» የሚል አለ።

አንብቤ ስጨርስ የጠየቅኋት አንድ ነገር ነው፤ የትኛውን ሥራ ነው የምትፈልጊው? «ማስታወቂያው ላይ አለ እኮ» አለችኝ። ማስታወቂያው ላይ አለ፣ ኢሜይሉ ላይ ግን የለም። ያ ሆስፒታል በዚያው ሳምንት የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ የፋርማሲ ሠራተኛና ሹፌርም ፈልጎ ማስታወቂያ አውጥቶ ከሆነ፣ የሰው ኃይል ክፍሉ ሠራተኛ «ሥራ ስለመጠየቅ» የሚለውን ደብዳቤ ከየትኛው ጋር ይደምረው? ሲቪውን ከፍቶ አንብቦ እንዲደርስበት ነው የምንጠብቀው? ደብዳቤው አብሮ የተላከው እኮ ሲቪውን ለምን መክፈት እንዳለበት እንዲነግረው ነበር።

ይህች ልጅ ሰነፍ አይደለችም፤ እንግሊዝኛዋም አይታማም። ስህተቱ የእሷ ብቻ ቢሆን ኖሮ በስልክ ነግሬያት ይበቃኝ ነበር። ከመንፉሃም ከበጥሃም እንዲህ ያለ ኢሜይል እንዳነብላቸው የላኩልኝ ወንድሞችና እህቶች ብዙ ናቸው፤ የሁሉም ቅርጽ አንድ ነው። ታዲያ ይህን ቅርጽ ከየት አመጣነው?

መልሱ ሩቅ አይመስለኝም። እኛ አገር ሥራ መጠየቅ «ማመልከት» ነው፤ የሚጻፈውም ወረቀት «ማመልከቻ»። ይኸው ቃል ለፍርድ ቤትም፣ ለቀበሌም፣ ለእርዳታ ጥያቄም ያገለግላል። አያቶቻችን በንጉሠ ነገሥቱ መንገድ ዳር ቆመው ወረቀት ከፍ ያደርጉ ነበር። ፍርድ ቤት ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግተው የሚቀመጡ ማመልከቻ ጸሐፊዎችን ደግሞ እኛም ደርሰንባቸዋል። የእነዚያ ወረቀቶች ሥራ የአንባቢውን ልብ ማራራት ነው፤ ስለዚህ የአመልካቹ ችግር፣ ትሕትናውና ተስፋው ሁሉ መግባት ነበረበት። አቤቱታ ሲሆን ይህ ስህተት አይደለም። ግን የኩላሊት እጥበት ነርስ የሚፈልግ ሆስፒታል የሚጠብቀው አቤቱታ ነው?

የሚገርመው፣ ለዚህ ጉዳይ ልክ የሆነው ጽሑፍ እዚያው አገር ቤት፣ እዚያው ቢሮ ውስጥ ነበር። ስሙም «ሸኚ ደብዳቤ» ነው። መሥሪያ ቤት ለመሥሪያ ቤት ሰነድ ሲልክ ከላዩ የሚያደርገው፣ «ስለዚህ ጉዳይ ይህን ያህል ገጽ አባሪ አድርገን ልከናል» የሚለው አጭር ደብዳቤ። ሸኚ ደብዳቤ አባሪውን መልሶ አይተርክም። አባሪው ምን እንደሆነ፣ ለማን እንደሆነና ምን እንዲደረግበት እንደተፈለገ ተናግሮ ዝም ይላል። ሲቪ ተያይዞ የሚላክ ኢሜይልም ይኸው ነው፤ ሲቪው አባሪ ነው፣ ኢሜይሉ ሸኚ። ሸኚ መጻፍ የሚያውቅ ሕዝብ ሪያድ ሲደርስ ለምን አቤቱታ ይጽፋል?

ልጅቷ ያነሳችው ተቃውሞ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም። «ጋሼ፣ ከዚህ ካነሰ ንቀት አይመስልም?» አለችኝ። እውነተኛ ጥያቄ ነው። በእኛ ዘንድ ሰላምታ ያሳጠረ ሰው እንደ ጥጋበኛ ይታያል። ነገር ግን አክብሮት በዚህ ቦታ የሚለካው በምንድን ነው? ማስታወቂያውን በቅጡ ባነበበ፣ የመደቡን ስም በትክክል በጻፈ፣ ተቀባዩ እንደገና ደውሎ መጠየቅ ያለበትን ነገር አስቀድሞ በነገረ ሰው ነው። «ውድ ጌታዬ» ብሎ የጀመረን ደብዳቤ የምትቀበለው ሴት ብትሆንስ? በሪያድ ቢሮዎች የሰው ኃይል ክፍል ዛሬ ብዙ ሴቶች ይሠራሉ። አንድ መስመር ንጹሕ ሰላምታ ከአምስት መስመር ውዳሴ ይበልጣል።

እስቲ በተቀባዩ ወንበር ላይ እንቀመጥ። ሪያድ ውስጥ ነርስ የሚቀጥር ሰው ሲቪውን ከመክፈቱ በፊት ማወቅ የሚፈልገው ምንድን ነው? ታታሪነት ነው? ታታሪ አይደለሁም ብሎ የሚጽፍ ሰው ስለሌለ ቃሉ ምንም አይነግረውም። የሚፈልገው ሌላ ነው። አመልካቿ አሁን ያለችው ሳዑዲ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ? ውስጥ ከሆነች ኢቃማዋ ወደ ሌላ አሠሪ መዛወር ይችላል? የሙያ ፈቃድ አላት? መቼ ልትጀምር ትችላለች? እነዚህ ካልተመለሱ ሲቪው የቱንም ያህል ቢያምር ቅጥሩ አይራመድም፤ ቪዛ ማስመጣትና ሠራተኛ ማዛወር የተለያዩ መንገዶች፣ የተለያየ ወጪና የተለያየ ጊዜ ያላቸው ናቸውና።

የሙያ ፈቃዱን ጉዳይ እንይ። በሳዑዲ አንዲት ነርስ ሕጋዊ ሆና ለመሥራት በሳዑዲ የጤና ሙያዎች ኮሚሽን መመዝገብ አለባት። ለዚያም የትምህርትና የሥራ ማስረጃዋ ዳታፍሎው በሚባለው ማጣሪያ በኩል ከምንጩ ይረጋገጣል፣ የፕሮሜትሪክ ፈተናም ትወስዳለች። ወራት ይፈጃል፤ ገንዘብም ያስወጣል። ይህን ሁሉ አልፋ ፈቃዷን በእጇ የያዘች ነርስ ከሌላ አመልካች የምትለይበት ትልቁ ነገር ይኸው ነው። ታዲያ ይህች ልጅ ፈቃዷን የት ነበር የጻፈችው? በሲቪዋ ሦስተኛ ገጽ፣ «ተጨማሪ መረጃ» ከሚለው ሥር፣ ከኮምፒዩተር ችሎታዋ ቀጥሎ። ኢሜይሉ ላይ አንድም ቃል የለም። ለመሐንዲስና ለሒሳብ ባለሙያም ጉዳዩ ያው ነው፤ የየሙያቸው ምዝገባ መኖሩ ከላይ፣ በኢሜይሉ ላይ መታየት አለበት።

ኢቃማውንስ ለምን ደበቀችው? ስጠይቃት ድምፅዋ ቀነሰ። «ካፊሌ ቢሰማስ?» አለች። ይህን ፍርሃት ማንም ሐበሻ ይረዳዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 በመንፉሃ የሆነውን ያየ ሰው ስለ ወረቀቱ በግልጽ መናገር ይከብደዋል፤ «ሁሩብ» ተብሎ መመዝገብ ምን እንደሚያመጣም ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን የፍርሃቱ ምንጭና የዛሬው ሕግ አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 14 ቀን 2021 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የሥራ ገበያ ማሻሻያ፣ በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የሚተዳደር የውጭ አገር ሠራተኛ ከአሠሪው ጋር አንድ ዓመት ከሞላው በኋላ፣ የማስታወቂያ ጊዜውን ጠብቆ፣ ያለ አሠሪው ፈቃድ ወደ ሌላ አሠሪ መዛወር ይችላል። አዲሱ አሠሪ «ቂዋ» በተባለው የመንግሥት ሥርዓት ጥያቄውን ያቀርባል፣ ሠራተኛዋም በራሷ አካውንት ገብታ ትቀበላለች። ይህች ነርስ አራት ዓመት ሠርታለች፣ ውሏም ተመዝግቧል። ስለዚህ «ኢቃማዬ የሚዛወር ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር የመብት መግለጫ እንጂ ምስጢር አይደለም። ለአዲሱ ሆስፒታል ደግሞ ሙሉ አንቀጽ ከሚሞላ ትሕትና የበለጠ ዋጋ አለው።

ፍርሃቷን ግን እንዲያው ማጣጣል አይገባም፤ በደብዳቤው ውስጥ መልስ ማግኘት አለበት። ኢሜይሉ ከግል አድራሻዋ እንጂ ከሥራ ቦታዋ አድራሻ አይላክም። መጨረሻው ላይም «ለጊዜው የአሁኑን አሠሪዬን እንዳታነጋግሩ እጠይቃለሁ» የሚል አንድ መስመር ይገባል። ይህ የተለመደ፣ ማንንም የማያስከፋ ጥያቄ ነው። እንዲያው ደብቆ ከመሄድ ይልቅ ይህን መጻፍ አይሻልም?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ይህ የዝውውር መብት ለቤት ሠራተኞችና ለግል ሹፌሮች አልተሰጠም፤ ማሻሻያው እነሱን ትቶ ነው የወጣው። በሪያድ ካለነው ኢትዮጵያውያን መካከል በሰው ቤት የሚሠሩት እህቶቻችን እጅግ ብዙ ናቸው። ለእነሱ «የሚዛወር ኢቃማ» ብላችሁ ጻፉ ማለት እውነት ያልሆነ ነገር ጻፉ ማለት ነው። አዲሱ አሠሪ ቂዋ ላይ ሲሞክር ሐሰቱ ወዲያው ይታያል፤ አመልካቿም ለአደጋ ትጋለጣለች። ሲቪና ኢሜይል የሚረዳው የተወሰነውን ሰው ብቻ ነው፤ ይህን ሳይናገር «ሲቪ እንሠራለን» ብሎ ከማንኛዋም እህት ገንዘብ የሚቀበል ሰው ምን እየሸጠላት ነው?

ወደ ነርሷ ልመለስ። ኢሜይሉን ትተን ሲቪውን ከፈትነው፤ የሸኚው አንድ ሥራ አባሪው የሚለውን ነገር አለመቃረን ነውና። የትምህርት ክፍሉ «ሐምሌ 2007» ተመርቃለች ይላል፣ በእንግሊዝኛ፣ ሌላ ምልክት ሳይኖረው። ከዲፕሎማዋ ቅጂ እንዳለ ያመጣችው ነው። የትውልድ ዘመኗ ግን ከፓስፖርቷ የተቀዳ ነው፤ 1994 ይላል። ሁለቱን ያገናዘበ ሰው ምን ያያል? በአሥራ ሦስት ዓመቷ በነርስነት የተመረቀች ልጅ። እኛ ሐምሌ 2007 ዓ.ም. ማለት በእነሱ አቆጣጠር ሐምሌ 2015 መሆኑን እናውቃለን፤ ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር። ግብፃዊው ወይም ሕንዳዊው የቅጥር ሠራተኛ ግን ይህን የማወቅ ግዴታ አለበት? እሱ የሚያየው የተጭበረበረ ማስረጃ ነው። ስንት ትክክለኛ ሰው በዚህ በስምንት ዓመት ልዩነት ምክንያት ያለ መልስ ቀርቶ ይሆን? አመልካቹ ደግሞ «ሐበሻ ስለሆንኩ ነው» ብሎ ያዝናል።

ስምም እንዲሁ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ፓስፖርታችን ላይ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ተከታትሎ ይጻፋል። ኢቃማው ደግሞ ስሙን በዓረብኛ ፊደል አሳልፎ ያመጣዋል። ይህች ልጅ በኢሜይሉ ግርጌ የቤት ስሟን ከአባቷ ስም ጋር ጽፋለች። ሲቪው ላይ ፊደሉ በሌላ መንገድ ነው የተጻፈው፤ የኢሜይል አድራሻዋ ደግሞ የልጅነት ቅጽል ስሟን ይዟል። ፈቃዷን በኮሚሽኑ መዝገብ ሊያጣራ የፈለገ ሰው የትኛውን ስም ያስገባ? መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ በፓስፖርቱ ላይ ያለውን፣ እያንዳንዱ ፊደል ሳይለወጥ። የፋይሉም ስም ይኸው መሆን አለበት። የእሷ ፋይል `New CV final 2.docx` ይባል ነበር። ተቀባዩ ኮምፒዩተሩ ላይ ሲያወርደው ከስንት `final` ጋር ነው የሚቀላቀለው? ሲቪው ወደ ሁለት ገጽ አጥሮ፣ ፋይሉም ሙሉ ስሟንና «የኩላሊት እጥበት ነርስ» የሚለውን ይዞ፣ በማንኛውም ስልክ ቅርጹ ሳይበላሽ እንዲከፈት በ`.pdf` ተቀየረ።

ከዚያ እንደገና ጻፍነው። እሷ እንግሊዝኛውን ጻፈች፤ ትርጉሙ ይህ ነው፤

ርዕስ፦ የኩላሊት እጥበት ነርስ፣ ሪያድ፣ የሙያ ፈቃድና የሚዛወር ኢቃማ ያላት

«ጤና ይስጥልኝ። ለኩላሊት እጥበት ነርስ የሥራ መደብ አመለክታለሁ። ሪያድ ውስጥ በአንድ የኩላሊት እጥበት ማዕከል 4 ዓመት ሠርቻለሁ፤ በአንድ ፈረቃ 4 ታካሚዎችን እከታተላለሁ። ከሳዑዲ የጤና ሙያዎች ኮሚሽን ያገኘሁት ፈቃድ የጸና ነው። ኢቃማዬ የሚዛወር ሲሆን በውሌ መሠረት የ60 ቀን ማስታወቂያ ሰጥቼ መጀመር እችላለሁ። ባለ ሁለት ገጽ ሲቪዬ ተያይዟል። ለጊዜው የአሁኑን አሠሪዬን እንዳታነጋግሩ እጠይቃለሁ። ከአክብሮት ጋር።»

ከሥሩ የፓስፖርት ስሟና ዋትስአፕ ያለው የሳዑዲ ስልክ ቁጥሯ ብቻ ነው ያለው።

ሰላምታውን ሳይቆጥሩ ስድስት ዓረፍተ ነገር ነው። እያንዳንዱ ለምን እንደገባ ስትጠይቀኝ መልስ መስጠት ቻልኩ፤ በፊተኛው ላይ ስለነበሩት ግን እሷ ራሷ መልስ አልነበራትም። ርዕሱ የመደቡን ስም የያዘው በስልክ ላይ የሚታየው የርዕሱ መጀመሪያ ብቻ ስለሆነ ነው። ከወር በኋላ የቅጥር ሠራተኛው የመልእክት ሳጥኑን ሲፈትሽም የሚጽፈው ቃል «የኩላሊት እጥበት» እንጂ «ሥራ መጠየቅ» አይደለም። አራት ታካሚ የሚለው ቁጥር የገባው ለማን ነው? ለቅጥር ሠራተኛው አይደለም፤ እሱ ኢሜይሉን ለክፍሉ ኃላፊ ነርስ ያስተላልፋል። ኃላፊዋ ግን ያንን ቁጥር ስታይ ይህች ልጅ በማሽን ፊት የቆመች መሆኗን ትረዳለች። «ትጉህ ነኝ» ሊለው የፈለገውን ያ ቁጥር በሚታመን መንገድ ይለዋል።

60 ቀኑ ላይ ተከራክረናል። «ወዲያው እጀምራለሁ ብል አይሻልም?» አለች። የማይሆነውን? ውሏ ላይ የተጻፈ የማስታወቂያ ጊዜ አለ፤ ዝውውሩም እሱን ተከትሎ ነው የሚሄደው። ወዲያው እጀምራለሁ ብላ ቃለ መጠይቅ ላይ ሁለት ወር ብትል፣ መጀመሪያ የነገረቻቸው ነገር ሐሰት ሆኖ ይገኛል። በጽሑፍ የተነገረ እውነተኛ ቀን ግን ቀጣሪው ሊያቅድበት የሚችል ነገር ነው።

ያስወጣሁትም አለ። በፊተኛው ኢሜይል ላይ ሲቪው ብቻ ሳይሆን የኢቃማዋ፣ የፓስፖርቷና የዲፕሎማዋ ፎቶ ተያይዞ ነበር፤ አሥራ አንድ ፋይል። ማን ጠየቃት? ማስታወቂያው የጠየቀው ሲቪ ነው። በስልክ የተነሱ ፎቶዎች ኢሜይሉን ያከብዱታል። ጂሜይል እስከ 25 ሜጋባይት ይልካል፤ የብዙ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ግን ከዚያ ባነሰውም ይመልሰዋል። ከዚያም በላይ የፓስፖርትና የኢቃማ ቅጂ ማንነቱ ባልታወቀ ሰው እጅ ሲገባ ምን ሊሠራበት ይችላል? እነዚያ ሰነዶች የሚላኩት ቃለ መጠይቅ አልፎ፣ ድርጅቱ ታውቆ፣ በግልጽ ሲጠየቁ ነው።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ ያናደደኝ በረቂቋ መካከል የነበረ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «የዝውውሩን ወጪ ራሴ እሸፍናለሁ» ይላል። ማን እንዲህ ጻፊ አለሽ? «ሁሉም እንዲህ ይጽፋል» አለች። የሳዑዲ አሠሪና ሠራተኛ ሕግ አንቀጽ 40 የኢቃማውን፣ የሥራ ፈቃዱን፣ የእድሳቱንና የዝውውሩን ክፍያ በአሠሪው ላይ ነው ያደረገው። ሠራተኛዋ ሳትጠየቅ ከሕግ የተሰጣትን መብት በመጀመሪያው ኢሜይል ላይ ለምን ትተዋለች? እንዲህ ያለ ቃል የሚያባብለውስ የትኛውን ዓይነት አሠሪ ነው? «ማንኛውንም ሥራ እሠራለሁ» የሚለውም የዚሁ ወንድም ነው። ፈቃድ ያላት ነርስ ኢቃማዋ ላይ ከተጻፈው ሙያ ውጭ መሥራት አይፈቀድላትም። ያንን መጻፏ ሕጉን እንደማታውቅ ነው የሚናገርባት፤ ዋጋዋንም በገዛ እጇ ያወርዳል።

ሌላው ጥግም አለ፤ ባዶ ኢሜይል። ፋይሉ ብቻ ተንጠልጥሎ፣ ርዕስ የለው፣ ቃል የለው፣ «ከስልኬ የተላከ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ያለው። ይህን የሚያደርጉት ብዙውን ጊዜ ወጣቶቹ ናቸው፤ «ሁሉም ሲቪው ላይ አለ» ይላሉ። ከማይታወቅ አድራሻ የመጣ፣ ቃል የሌለው፣ ፋይል ብቻ የያዘ ኢሜይል ግን ቫይረስ የሚልኩ ሰዎች ከሚልኩት በምን ይለያል? አንድ ጊዜ ተጽፎ ለሃምሳ አድራሻ በአንድ ላይ የሚላከውም እንዲሁ ነው፤ ተቀባዩ የሌሎቹን አርባ ዘጠኝ አድራሻ እያየ ለምን መልስ ይስጥ?

አጭር ኢሜይል ሥራ ያስገኛል እያልኩ አይደለም። መደቡ ተይዞ ሊሆን ይችላል፣ ሆስፒታሉ በአገሩ ዜጋ መሙላት ሊገደድ ይችላል፣ ሌላ የተሻለች ነርስ ልትኖር ትችላለች። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ሥራውን ልታገኝ የምትችል ሰው፣ ያላትን ነገር ስላልተናገረችና ያልተጠየቀችውን ስለተናገረች ብቻ ሳትታይ መቅረት አለባት?

በመንፉሃና በበጥሃ ኮምፒዩተር ይዛችሁ ለወገን ሲቪና ኢሜይል የምትጽፉ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን በዋናነት የምጽፈው ለእናንተ ነው። ካለፈው ሰው ፋይል ላይ ስም ቀይራችሁ አትስጡ። ፊታችሁ የተቀመጠውን ሰው ጠይቁት፤ የትኛው መደብ፣ የትኛው ፈቃድ፣ ኢቃማው ይዛወራል ወይ፣ ውሉ ስንት ቀን ይላል፣ በፓስፖርቱ ላይ ስሙ እንዴት ተጽፏል፣ ዓመቱ በማን አቆጣጠር ነው። መልሱን በስድስት መስመር ጻፉለት። «የዝውውሩን ወጪ ራሴ እሸፍናለሁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከኮምፒዩተራችሁ ዛሬውኑ አጥፉት።